ለምን 300? የምዕራፍ ሦስት ያልተጻፈው ግማሽ

በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠያቂዎች በአገሪቱ በተመረጡ 645 የቆጠራ ቦታዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ አንድ ጥብቅ ትእዛዝ ነበረባቸው። ለናሙና የተመረጠውን ቤት ተዘግቶ ቢያገኙት፣ ጎረቤቲቱ በሯን ከፍታ «ግቡ፣ ቡና ደርሷል» ብትላቸው እንኳ በተዘጋው ቤት ምትክ እሷን መጠየቅ አይችሉም። ተመልሰው መምጣት አለባቸው። ካልተገኘም ቤቱ «አልተገኘም» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ በሌላ አይተካም።

ከሩቅ ሲታይ ግትርነት ይመስላል። ነገር ግን ቀን ቤቷ የምትገኝ ሴትና ገበያ ወይም ሥራ የዋለች ሴት አንድ አይደሉም። የልጆቻቸው ብዛት፣ ገቢያቸው፣ ጤና ጣቢያ የሚሄዱበት ጊዜ ሊለያይ ይችላል። የተዘጋውን ሁሉ በተከፈተው እየተኩ ቢሄዱ የናሙናው ቁጥር ይሞላል፤ መልሱ ግን ቤት ወደሚውሉት ያጋድላል። የጥናቱ ሪፖርት ይህን ደንብ ሲገልጽ ምትክ እንዳልተፈቀደ ብቻ ተናግሮ አላለፈም። ውጤቱ እንዳይዛባ ለመከላከል እንደሆነ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጨምሯል።

ይኸው ሪፖርት ሌላም ውሳኔውን ያስረዳል። ናሙናው ለክልሎች እንደ ሕዝባቸው ብዛት ቢከፋፈል ኖሮ እንደ ሐረሪና ጋምቤላ ላሉት የሚደርሳቸው ቤት ጥቂት ስለሚሆን ስለ እነሱ የሚታመን ነገር መናገር ባልተቻለ ነበር። ስለዚህ ትናንሾቹ ክልሎች ከድርሻቸው በላይ ተሰጣቸው። ይህ ደግሞ ዋጋ አለው፤ አገራዊው አማካይ ወደ ትናንሾቹ ክልሎች ይሳባል። ለዚህም ማካካሻ ተበጀ፤ በስሌት ጊዜ ለእያንዳንዱ ቤት እንደ ውክልናው የሚለያይ ክብደት ተሰጠው። ውሳኔ፣ ምክንያት፣ ዋጋ፣ ማካካሻ። በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ በተከመሩት የማስተርስ ጽሑፎች ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ምዕራፍ ሦስት፣ ማለትም የጥናቱ ዘዴ የሚቀርብበት ክፍል፣ መልኩ በቀላሉ ይታወቃል። «ጥናቱ ገላጭ ንድፍን ተጠቅሟል። ናሙናው በያማኔ ቀመር ተወስኗል። መረጃው በመጠይቅ ተሰብስቧል። ትንተናው በኤስፒኤስኤስ ተሠርቷል።» በእንግሊዝኛ ቢጻፍም በአማርኛ ሕመሙ አንድ ነው። ሁሉም ተደርጓል፣ ለምን እንደተደረገ ግን የሚናገር የለም። በየአንቀጹ መካከል የአንድ መማሪያ መጽሐፍ ብያኔ ይገባና ምክንያት መስሎ ይቀመጣል። ነገር ግን ገላጭ ጥናት ምን እንደሆነ መጽሐፉ መናገሩ ለዚህ ጥያቄ ገላጭ ጥናት መመረጡን ትክክል አያደርገውም። እንዲህ ያለውን ምዕራፍ ለመለየት ቀላል መፈተኛ አለ። የቦታውንና የተጠኚዎቹን ስም ሸፍኖ በሌላ ርእስ ሥር ማስቀመጥ ነው። ያለ ምንም ጭረት ከገጠመ ስለ ጥናቱ የተናገረው ነገር የለም ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንዲት የማስተርስ ተማሪ እናስብ፤ ሰዋም ቁጥሮቿም ለዚህ ጽሑፍ የተፈጠሩ ናቸው። ልታጠና የተነሣችው በአዲስ አበባ አንድ ወረዳ ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የወሰዱትን ብድር ለምን እንደማይመልሱ ነው። ወረዳው በሦስት ዓመት ውስጥ ብድር የወሰዱ 1,200 ኢንተርፕራይዞች አሉት። የመጀመሪያ ረቂቋ እንደ ብዙዎቹ ነበር፦

n = N / (1 + N × e²)

1,200ን በቀመሩ ውስጥ አስገብታ፣ ስሕተቱን 0.05 አድርጋ፣ 300 የሚል ቁጥር አገኘች። አማካሪዋ ረቂቁን ሲመልሱላት በጠርዙ ላይ አንድ ቃል ብቻ ጽፈውበት ነበር፦ «ለምን?»

የልጅቷ የመጀመሪያ መልስ «ያማኔ ስላለ ነው» የሚል ነበር። ታሮ ያማኔ ይህን ቀመር በ1967 እ.ኤ.አ. በታተመው የስታቲስቲክስ መጽሐፉ ያቀረበው በውስጡ ጥቂት ግምቶችን ሰውሮ ነው። ናሙናው ከሙሉ ዝርዝር በእጣ እንደሚወጣ፣ የሚለካው ነገር አንድ መቶኛ እንደሆነ፣ መልሱም ለግምት እጅግ በሚያስቸግረው ሁኔታ ማለትም ግማሽ በግማሽ እንደተከፈለ ይወስዳል። በ95 በመቶ እርግጠኝነት አምስት ነጥብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሳትን ይፈቅዳል። አንድ አስገራሚ ጠባይም አለው። ስሕተቱ 0.05 ከሆነ የሕዝቡ ቁጥር ሚሊዮንም ይሁን ቢሊዮን ከ400 በላይ አይሰጥም። ይህን ያህል ቴሲስ በ300ና በ400 መካከል ባለ ናሙና የሚሠራው የኢትዮጵያ ችግሮች ሁሉ ተመሳሳይ ስለሆኑ አይደለም፤ ቀመሩ ከዚያ ስለማያልፍ ነው።

ቀመሩ በራሱ ጥፋት የለበትም። «ከተበዳሪዎቹ ስንት በመቶው ዘግይቷል?» ለሚል ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው። የተማሪዋ ጥያቄ ግን ስንት ሳይሆን ለምን ነበር። በአበዳሪው ተቋም መዝገብ ከ1,200ዎቹ የዘገዩት 150 ናቸው እንበል፤ ከመቶ አሥራ ሁለት ተኩል። በእጣ 300 ብታወጣ የሚደርሷት ያልከፈሉ ወደ 38 ገደማ ናቸው። ዘርፉን፣ የብድሩን መጠን፣ የቡድን ወይም የግል መሆኑን ለይታ ላነጻጽር ብትል 38ቱ በየሳጥኑ ሲበተኑ በአንዳንዱ ሦስትና አራት ሰው ይቀራል። ይባስ ብሎ 262 የሚሆኑት ጥያቄዋ በቀጥታ የማይመለከታቸው፣ ያለ ችግር የከፈሉ ሰዎች ይሆናሉ።

ስለዚህ ንድፉን ለወጠችው። 150ዎቹን ያልከፈሉ በሙሉ ትፈልጋለች፤ ከከፈሉት 1,050 ደግሞ 150 በእጣ አውጥታ ሁለቱን ወገን ታነጻጽራለች። የጤና ተመራማሪዎች የታመመውንና ያልታመመውን ጎን ለጎን አቁመው የሚያጠኑበት መንገድ ነው። አሁንም የናሙናው ድምር 300 ነው። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ከጀርባው ያለው ክርክር ግን ፈጽሞ ሌላ ሆኗል። በአዲሱ ረቂቅ አንቀጹ እንዲህ ሆነ፦

«ጥናቱ የሚጠይቀው ያልከፈሉት ከከፈሉት በምን እንደሚለዩ ነው። ከሁሉም ተበዳሪ በእጣ ቢመረጥ ያልከፈሉት 38 ገደማ ብቻ ስለሚሆኑ ማነጻጸር አይቻልም። ስለዚህ ያልከፈሉት 150 በሙሉ፣ ከከፈሉት ደግሞ እኩል ቁጥር ተወስዷል። በዚህ ምርጫ ምክንያት ካለመክፈል የወረዳው ድርሻ ከናሙናው ሊሰላ አይችልም፤ ሁለቱ ወገኖች ግማሽ በግማሽ የሆኑት በተመራማሪዋ ውሳኔ ነውና። ድርሻው ከአበዳሪው መዝገብ በቀጥታ ተወስዷል።»

አምስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ጥያቄው የሚፈልገውን ይናገራል፣ የተተወውን አማራጭ በስሙ ጠርቶ ለምን እንደተተወ ይገልጻል፣ የተመረጠውን ያቀርባል፣ በመጨረሻም ምርጫው ምን እንዳሳጣ አይደብቅም። ብዙ ተማሪ የሚፈራው ይህን የመጨረሻውን ነው። ድክመትን በራስ እጅ መጻፍ ፈታኙን መጋበዝ ይመስለዋል። የውጭ ፈታኝ ግን ድክመቱን ያለ ግብዣም ያገኘዋል፤ ልዩነቱ ተማሪው አስቀድሞ አይቶት እንደነበር ወይም እንዳልነበር መታወቁ ላይ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ዝርዝሩ ከየት ይምጣ የሚል ነበር። በእጅ የነበረው የወረዳው የኢንተርፕራይዞች ዝርዝር ነው፤ በደብዳቤ በአንድ ቀን ይገኛል። ነገር ግን ያ ዝርዝር የያዘው ዛሬ በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ነው። ሼዱን ዘግቶ የሄደ፣ ማኅበሩ የፈረሰ፣ ሸቀጡን ሸጦ ወደ ዐረብ አገር የተሻገረ ሰው ከዝርዝሩ ወጥቷል። ብድር ለምን እንደማይመለስ የሚያጠና ሰው ይህን ዝርዝር ቢይዝ የሚያነጋግረው የቆሙትን እንጂ የወደቁትን አይሆንም፤ ግኝቱም «ችግሩ ያን ያህል አይደለም» ወደሚል ያዘነብላል።

ዝርዝር ምን ያህል እንደሚያሳስት በታሪክ የታወቀው ምስክር የአሜሪካው ሊተራሪ ዳይጀስት መጽሔት ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ምርጫ ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለንብረቶች መዝገብ በመሳሰሉ ዝርዝሮች ወደ 10 ሚሊዮን ሰዎች የድምፅ መስጫ ካርድ ልኮ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። ላንደን ያሸንፋል ብሎም ተነበየ። ያሸነፈው ግን ሩዝቬልት ነበር፤ ከመቶ 60 በላይ ድምፅ አግኝቶ፣ ከ48ቱ ግዛቶች ሁለቱን ብቻ ለላንደን ትቶ። በዚያ የድቀት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው ከድኻው የተለየ ነበር፤ ካርዱን ሞልቶ የሚመልሰውም ከማይመልሰው እንዲሁ። ሁለት ሚሊዮን መልስ ያላዳነውን ጥናት 300 መልስ አያድነውም።

ተማሪዋ ስለዚህ የወረዳውን ዝርዝር ትታ የአበዳሪውን ተቋም የብድር መዝገብ መረጠች። ፈቃድ ለማግኘት ሳምንታት ፈጀባት። መዝገቡ ግን ዛሬ የሌለውንም ተበዳሪ ይዟል፤ ለእያንዳንዱም የብድሩን መጠን፣ ዘርፉን፣ የቡድን ወይም የግል መሆኑን ጽፏል። ይህ ሁለተኛ ጥቅም ኋላ እንደሚታየው ዋጋው ትልቅ ሆነ።

ከምርጫዎቹ ሁሉ ግን ለንባብ የሚጥመው የ90 ቀኑ ነው። «አልከፈለም» የሚባለው ስንት ቀን ሲዘገይ ነው? በመጀመሪያው ረቂቅ «90 ቀን ያለፈው ተበዳሪ እንዳልከፈለ ተቆጥሯል» ተብሎ ታልፎ ነበር። ባንኮችም ብድር ተበላሽቷል ለማለት የሚጠቀሙበት የተለመደ መስፈርት ስለሆነ ማንም አይጠይቅም ብላ አስባ ነበር። አማካሪዋ ግን ጠየቁ፤ «ባንክ ስላለው ነው ወይስ አንቺ የምትዪው ምክንያት አለሽ?»

ምክንያቱን ያገኘችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሙከራ ቃለ መጠይቁ ነው። ካነጋገረቻቸው መካከል አንድ ባለ ሥጋ ቤት ነበረ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ የብዙ ሥጋ ቤት በር ይዘጋል ወይም ተከፍቶ ባዶውን ይውላል፤ ባለቤቱ የወሩን ክፍያ ይዘላል፤ ከፋሲካ በኋላ ግን ውዝፉን አንድ ላይ ይከፍላል። መስፈርቱ 30 ቀን ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ የሚከፍለው ይህ ሰው ብድር ካጠፉት ጋር ይቆጠር ነበር፤ ጥናቱም «የምግብ ዘርፍ አይከፍልም» የሚል የሐሰት ግኝት ይዞ በወጣ ነበር። 90 ቀን ከጾሙ ርዝመት ያልፋል፤ ለማገገሚያም ከወር በላይ ይተርፋል። መስፈርቱ 180 ቀን ቢሆን ደግሞ ከ150ዎቹ ብዙዎቹ ይወጡና የሚነጻጸር ሰው ያንሳል። ይህ ሁሉ በምዕራፉ ውስጥ ሦስት መስመር ፈጀ። ይህን አንቀጽ ወደ ሌላ ቴሲስ ማዛወር አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም አለበት። ለሁሉም ምርጫ ምክንያት ይሰጥ ማለት ለሁሉም እኩል ገጽ ይሰጥ ማለት አይደለም። የትኛው ሶፍትዌር ጥቅም ላይ እንደዋለ ግማሽ መስመር ይበቃዋል፤ በሌላ ፕሮግራም ቢሰላም መልሱ ያው ነው። የመለኪያው ዘንግ ቀላል ነው። ሌላ ተመራማሪ በተቃራኒው ቢወስን መልሱ ይለወጥ ነበር ወይ? በዝርዝሩ፣ በመስፈርቱና በንድፉ ላይ መልሱ «አዎ» ስለሆነ ብርሃኑ እዚያ መብራት አለበት። ኤስፒኤስኤስን ለማወደስ ግማሽ ገጽ የሰጠ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ስለ ዝርዝሩ ዝም ያለ ምዕራፍ ነው።

ቁጥር መዋስም እንዲሁ ከነምክንያቱ ካልሆነ አያዋጣም። ተማሪዋ ከመጠይቁ በተጨማሪ ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ለማድረግ አስባ በረቂቋ «12 ሰዎች» ብላ ጽፋ ነበር። ይህ 12 ምንጩ የታወቀ ነው። ጌስት፣ በንስና ጆንሰን በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በምዕራብ አፍሪካ ሁለት አገሮች 60 ሴቶችን አነጋግረው፣ አዳዲስ ሐሳብ መምጣቱ በመጀመሪያዎቹ 12 ቃለ መጠይቆች ውስጥ እንደተገታ አገኙ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞረ። አብሮት መዞር የነበረበት ግን ቀርቷል፤ ሴቶቹ በኑሯቸው ተቀራራቢ ነበሩ፣ ጥያቄውም ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። ሥጋ ቤት፣ ብሎኬት ማምረቻና ልብስ ስፌት በአንድ ላይ ለሚጠና ሰው ያ ቁጥር ዋስትና አይሆንም። ተማሪዋ ኋላ የወሰነችው በየዘርፉ እየጠየቀች፣ ሁለት ተከታታይ ሰዎች አዲስ ነገር ካልጨመሩ ማቆምን ነው። በ17 ላይ አቆመች። ከ17ቱ በየትኛው ላይ አዲስ ሐሳብ መምጣቱ እንደቀነሰም በሠንጠረዥ አሳየች።

«ጊዜና ገንዘብ አልነበረኝም» የሚለውስ? ብዙዎች ያፍሩበትና በተከበረ ቃል ይሸፍኑታል፤ በእግር የሚደረስበትን ወረዳ መርጠው «ወረዳው ሆን ተብሎ ተመርጧል» ይላሉ። ሆን ተብሎ መመረጥ የራሱ ትርጉም አለው፤ ለጥያቄው የተለየ ነገር ስላለው ተመረጠ ማለት ነው። በትራንስፖርት ወጪ ከሆነ በትራንስፖርት ወጪ ነው። ምክንያቱ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው የሚያስከትለውን አለመጻፍ ነው። ግኝቱ ስለዚያ ወረዳ ይናገራል፤ ወረዳው ከሌሎቹ በምን እንደሚመሳሰልና እንደሚለይ፣ ለምሳሌ ሼዶቹ ከዋና መንገድ ምን ያህል እንደሚርቁ ከተጻፈ አንባቢው የራሱን ፍርድ ይሰጣል።

መጠይቁን ማን ይዞ ይሂድ የሚለውም በዚሁ መንገድ ተወሰነ። የአበዳሪው ተቋም ሠራተኞች ሊረዷት ፈቃደኛ ነበሩ፤ ተበዳሪዎቹን በስም ያውቋቸዋል፣ ቤታቸውንም አያጡትም። ነገር ግን ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳ ጠያቂው ፊት «ለምን አልከፈልክም?» ሲባል የሚመልሰው መልስና ለማያውቀው ሰው የሚመልሰው አንድ አይደለም። ከውጭ ሁለት ጠያቂዎች ቀጠረች። በዚህ የተነሣ ቤት ማፈላለግ ከበዳቸው፤ ያን ዋጋ ጻፈችው።

ምክንያቶች ሲጻፉ የሚያጋጥም አንድ ክፉ ፈተና አለ። ሥራው ካለቀ በኋላ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ አጋጣሚ ያማረ ምክንያት መፍጠር ነው። እንዲህ ያለው ምዕራፍ በልስላሴው ይታወቃል፤ አንድም ነገር አልተሳሳተም፣ አንድም ነገር በመንገድ ላይ አልተለወጠም። የሜዳ ሥራን የሚያውቅ ፈታኝ ይህን ሲያነብ ይጠረጥራል። መከላከያው ከመጀመሪያው ቀን አንድ ደብተር መያዝ ነው፤ ቀኑን፣ ውሳኔውን፣ የተተወውን አማራጭና ምክንያቱን በአንድ በሁለት መስመር ማስፈር። የ17ቱ ቃለ መጠይቅ ታሪክ ከዚያ ደብተር የተገኘ ነው። 12 ተብሎ ተጀምሮ በመንገድ ላይ እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ ምዕራፉ ሳይደብቅ ተናገረ።

ከሜዳው የተመለሰው ውጤት እንዲህ ነበር። ከከፈሉት 150 ውስጥ 146ቱ ተገኙ፤ ሦስቱ እምቢ አሉ። ካልከፈሉት 150 ውስጥ የተገኙት 119 ናቸው፤ ስምንቱ እምቢ ብለው 111 ተጠየቁ። 31 ሰዎች የሉም። በስልክ፣ በጎረቤት፣ በዋስ ተፈልገው አልተገኙም። በሌላ ሰው መተካት ይቻል ነበር ወይ? ያልከፈሉት ሁሉ በሙሉ ስለተወሰዱ ተተኪም የለም፤ ቢኖርም ከላይ የተባለው የተዘጋ በር ነገር ነው።

በዲፌንሱ ዕለት የውጭው ፈታኝ በቀጥታ ወደዚያ ሄዱ። «እነዚህ 31 ሰዎች ከሁሉም በላይ የከሰሩት ከሆኑስ?»

«ሊሆን ይችላል፣ ዶክተር» አለች። ገጹን ገለጠች። የብድር መዝገቡ የሁሉንም መረጃ ስለያዘ ያልተገኙትን ከተገኙት ጋር ማስተያየት ተችሏል። በብድር መጠን አይለያዩም። ከ31ዱ ግን 24ቱ የግል ተበዳሪዎች ናቸው፤ ከተገኙት ውስጥ የግል ተበዳሪ የሆኑት ግማሽ አይሞሉም። የቡድን ተበዳሪን አንዱ ጓደኛው ባይገኝ ሌላው ያስገኘዋል፤ የግሉን የሚጠቁም የለም። ስለዚህ ጥናቱ ስለ ቡድን ብድር የሚለው ስለ ግል ብድር ከሚለው ይበልጥ እንደሚታመን በምዕራፍ ሦስት ጽፋ ነበር፤ በምዕራፍ አምስትም የግል ብድርን የሚመለከተውን ምክረ ሐሳብ ከዝርዝሩ አውጥታዋለች።

ፈታኙ ብእራቸውን አስቀመጡና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ።